ስልክ ቁጥርዎን ማን ሰጣቸው? በብሪታኒያ ስለ ያልተፈለጉ የማስታወቂያ መልእክቶችና ስለ መረጃ መውጣት አቤቱታ ማቅረቢያ መመሪያ

በብሪታኒያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወደ አገር ቤት ገንዘብ ለመላክ ሲመዘገብ ለገንዘብ መላኪያ ድርጅቱ የሚሰጠው መረጃ ለባንኩ ከሚሰጠው አያንስም። ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ የፓስፖርት ፎቶ፣ ስልክና ኢሜይል ይሰጣል፤ በዚያ ላይ የተቀባዩ ስምና ስልክ አለ። ድርጅቱ ማንነትን እንዲያጣራ ሕግ ያስገድደዋልና ጥያቄው ራሱ ክፋት የለውም። ቅሬታ የሚነሳው ከጊዜ በኋላ፣ ሰምተውት የማያውቁት የብድር ወይም የአውሮፕላን ትኬት ሻጭ በስምዎ ጠርቶ «ልዩ ቅናሽ» ሲልክልዎ ነው።

አብዛኛው ሰው ቁጥሩን አግዶ ይተወዋል፤ የተናደደው ደግሞ በቀጥታ ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ይጽፋል። ሁለቱም መንገድ ሩቅ አይወስድም። ቁጥር ቢያግዱ ስምዎ ከመዝገቡ አይወጣም። ተቆጣጣሪው፣ ማለትም የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት፣ በበኩሉ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «ለድርጅቱ ጽፈዋል? ምን መለሰልዎ?» ብሎ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ለድርጅቱ ከሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ የጉዳዩ ግማሽ ነው።

1. መልእክቱን ሳይነኩ ይለዩት

የደረሰዎት መልእክት ከሦስት ዓይነቶች አንዱ ነው፤ የሚወስዱት እርምጃም እንደዚያው ይለያያል።

የመጀመሪያው የአገልግሎት መልእክት ነው። «የላኩት 200 ፓውንድ ለተቀባዩ ደርሷል» የሚለው ማስታወቂያ አይደለም፤ ደንበኛ እስከሆኑ ድረስ ድርጅቱ ሊልከው ይችላል። «የላኩት 200 ፓውንድ ለተቀባዩ ደርሷል፤ እስከ እሑድ ድጋሚ ከላኩ የአገልግሎት ክፍያ የለም» ካለ ግን ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር መልእክቱን ማስታወቂያ አድርጎታል። ድርጅቶች ይህን ቅይጥ ይወዱታል፤ ሕጉ ግን በማስታወቂያነቱ ነው የሚያየው።

ሁለተኛው የታወቀ ድርጅት የላከው ማስታወቂያ ነው። የላኪው ስም ይታያል፤ ከግርጌው መልእክቱን ማስቆሚያ መንገድ አለ፤ ብዙ ጊዜም `STOP` ብለው ወደ አጭር ቁጥር እንዲልኩ ይጠይቃል። ይህን መላክ ይችላሉ። ከመላክዎ በፊት ግን የስክሪኑን ፎቶ ያንሱ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና የላኪው ስም በአንድነት እንዲታዩ አድርጉ።

ሦስተኛው የማጭበርበሪያ መልእክት ነው። በ`07` ከሚጀምር ተራ የሞባይል ቁጥር ይመጣል፤ የድርጅት ስም የለውም፣ ወይም የሐሰት ስም ይዞ ሊንክ እንዲጫኑ ያጣድፋል። ለዚህ `STOP` ብሎ መመለስ «ይህ ቁጥር ይሠራል፤ ሰውም ያነበዋል» ብሎ ማረጋገጫ መስጠት ነው። ሊንኩን አይንኩ። መልእክቱን ወደ `7726` ያስተላልፉት፤ ነጻ ነው፤ የስልክ አገልግሎት ሰጪዎ ላኪውን መርምሮ ሊያግደው ይችላል። ቁጥሩ የተመረጠው በስልክ ቁልፎች ላይ `SPAM` የሚለውን ቃል ስለሚሠራ ነው፤ ለማስታወስም ይመቻል።

የማጭበርበሪያው መልእክት ውስጥ የገንዘብ መላኪያ ድርጅቱ ብቻ ሊያውቀው የሚችለው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ባለፈው ሳምንት የላኩት ልክ መጠን ወይም የተቀባዩ የእናትዎ ስም፣ ጉዳዩ ከማስታወቂያ አልፏል። መረጃ መውጣቱን የሚጠቁም ማስረጃ ይዘዋልና ወደ ክፍል 5 ይለፉ።

2. መብትዎ የት ላይ እንደቆመ ይወቁ

ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንደኛው የብሪታኒያው ጂ.ዲ.ፒ.አር የሚባለው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው። በአንቀጽ 21 መሠረት መረጃዎ ለማስታወቂያ እንዳይውል ከተቃወሙ ድርጅቱ ማቆም አለበት፤ ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅብዎትም፤ ድርጅቱም የራሱን ጥቅም ከእርስዎ ጋር አመዛዝኖ እምቢ ማለት አይችልም። በአንቀጽ 15 ደግሞ ስለ እርስዎ የያዘውን መረጃ፣ ከየት እንዳገኘውና ለማን እንዳስተላለፈው ያለ ክፍያ መጠየቅ ይችላሉ።

ሁለተኛው በ2003 የወጣው የኤሌክትሮኒክ መገናኛ ደንብ ነው። በደንቡ ቁጥር 22 መሠረት ለግለሰብ የማስታወቂያ ኢሜይል ወይም የጽሑፍ መልእክት ለመላክ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለንግድ ድርጅቶች የተተወ አንድ ጠባብ በር አለ። አንድ ድርጅት ሲገዙ ወይም ለመግዛት ሲነጋገሩ ራሱ ቁጥርዎን ከተቀበለ፣ ስለ ራሱ ተመሳሳይ አገልግሎት ሊጽፍልዎ ይችላል። ይህም ቁጥሩን ሲቀበልና በእያንዳንዱ መልእክት ላይ እምቢ የሚሉበትን ዕድል ከሰጠዎት ብቻ ነው። በሩ ለዚያው ድርጅት ብቻ የተከፈተ ነው። እኅት ኩባንያው፣ አጋሩ ወይም ዝርዝሩን የገዛው ሌላ ሻጭ በዚያ በር አይገባም።

ይህን መያዝ የሚጠቅመው የድርጅቶች መልስ ሁለት የተለመዱ ሰበቦች ስላሉት ነው። አንዱ «ሕጋዊ ጥቅም ስላለን ነው የላክንልዎ» ይላል። ይህ ለፖስታ ደብዳቤ ሊያገለግል ይችላል፤ ፈቃድ ግዴታ ለሆነበት የጽሑፍ መልእክት ግን ፈቃዱን አይተካም። ሌላው «ዝርዝሩን ከታማኝ አቅራቢ ነው የገዛነው» ይላል። ለገዢው የሚያገለግለው ፈቃድ ገዢውን ለይቶ የሚያመለክት መሆን አለበት፤ ቅጹ ላይ «ለተመረጡ አጋሮች» የሚል ድፍን ቃል መኖሩ አይበቃም።

ቁጥሩ ወይም ኢሜይሉ በተመዘገበ ኩባንያ ስም ከሆነ፣ ለምሳሌ የምግብ ቤትዎ ኩባንያ ከሆነ፣ የፈቃዱ ደንብ አይሸፍንዎትም። በግልዎ የሚሠሩ የታክሲ ሹፌር ወይም ነጋዴ ከሆኑ ግን እንደ ግለሰብ ይቆጠራሉ።

3. ደብዳቤው፦ «አጥፉልኝ» ብለው አይጀምሩ

ሰው ሲናደድ «መረጃዬን በሙሉ አሁኑኑ አጥፉ» ብሎ ይጽፋል። ተፈጥሯዊ ነው፤ ነገር ግን በሁለት በኩል ይጎዳል። ድርጅቱ መረጃውን ካጠፋ ከየት እንዳገኘው የሚያሳየውም መዝገብ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ «ምንም አልያዝንም» የሚለው መልስም እውነት ይሆንለታል። ሁለተኛው ጉዳት ይብሳል። ማስታወቂያ የሚልክ ድርጅት «ለእነዚህ ሰዎች አትላኩ» የሚል የእገዳ ዝርዝር ይይዛል። ቁጥርዎ ከዚያም ከጠፋ፣ በሚቀጥለው ወር አዲስ ዝርዝር ሲገዛ ቁጥርዎ እንደ አዲስ ሰው ተመልሶ ይገባል።

አንድ ምሳሌ እንከተል። በለንደን የምትኖር አንዲት ደንበኛ በግንቦት ወር ገንዘብ መላኪያ ድርጅት ስትመዘገብ የማስታወቂያውን ሳጥን ባዶ ተወችው። በነሐሴ የአውሮፕላን ትኬት ሻጭ በስሟ ጠርቶ የአዲስ አበባ በረራ ቅናሽ ላከላት። «አጥፉልኝ» ብላ ጻፈች፤ በማግሥቱ «ይቅርታ፤ መረጃዎ ጠፍቷል» የሚል ትሑት መልስ መጣ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ሻጭ እንደገና ጻፈላት። ሻጩ አልዋሸም፤ በእርግጥ አጥፍቶ ነበር። ዝርዝሩን ዳግም ሲያገኝ እሷ እንዳትካተት የሚያግድ ነገር ግን አልቀረም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ማቆም፣ በእገዳ ዝርዝር ማቆየት፣ ምንጩን መናገር። ድርጅቱ መረጃውን ከሌላ ቦታ አግኝቶ ከሆነ ሁለት ደብዳቤ ይጻፋል፤ አንዱ መልእክቱን ለላከው፣ ሌላው መረጃዎን መጀመሪያ ለሰጡት።

አድራሻውን በድርጅቱ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ግርጌ `Privacy Notice` በሚለው ገጽ ላይ ያገኙታል፤ የመረጃ ጥበቃ ኃላፊው ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አለ። በድርጅቱ ዘንድ ከተመዘገበው የራስዎ ኢሜይል ይላኩ። በርዕሱ ቦታ `Objection to direct marketing and subject access request` ብለው ይጻፉ፤ በዚህ ስም የመጣ ደብዳቤ ከተራ የደንበኛ ቅሬታ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይቀር ይረዳል። የደብዳቤው ይዘት ይህን ይመስላል፤ በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው ይላኩት።

> ለመረጃ ጥበቃ ኃላፊ፣
>
> በነሐሴ 14 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 ላይ የማስታወቂያ መልእክት በስልኬ ልካችሁልኛል፤ የስክሪኑን ፎቶ አያይዣለሁ። እንድትልኩልኝ ፈቃድ አልሰጠሁም።
>
> አንደኛ፣ በአንቀጽ 21 መሠረት መረጃዬ ለማስታወቂያ እንዳይውል እቃወማለሁ። ስልኬንና ኢሜይሌን በእገዳ ዝርዝራችሁ ላይ አስገቡ፤ ከዚያ ላይ አታጥፉ።
>
> ሁለተኛ፣ በአንቀጽ 15 መሠረት ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ ቅጂ፣ መረጃውን ከየት እንዳገኛችሁና ለማን እንዳስተላለፋችሁ በስም ጠቅሳችሁ አሳውቁኝ።
>
> ሦስተኛ፣ ፈቃድ ሰጥቻለሁ የምትሉ ከሆነ መቼ፣ በየትኛው ቅጽ፣ በምን ቃል እንደሰጠሁ የሚያሳየውን መዝገብ ላኩልኝ።
>
> ይህን ጥያቄ ከመመለሳችሁ በፊት መረጃውን እንዳታጠፉ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ አቤቱታም ጭምር ነው።

«በስም ጠቅሳችሁ» የሚለውን አይዝለሉት። ካልጻፉት «ለአገልግሎት አጋሮቻችን» የሚል መልስ ይመጣል። ሦስተኛው ነጥብ ደግሞ ሸክሙን በቦታው ያስቀምጣል፤ ፈቃድ መኖሩን ማስረዳት የላኪው ግዴታ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም። በምሳሌው ደብዳቤ ላይ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛው ላይ `09:10` ይሆናል። ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉ፤ ከስክሪኑ ፎቶ ጋር ካልገጠመ ድርጅቱ ሰበብ ያገኛል።

4. የአንድ ወር ቆጠራ፣ በመካከሉም የሚመጣ ወጥመድ

ድርጅቱ ጥያቄው ከደረሰው ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት። በሴፕቴምበር 3 ከደረሰው ቀነ ገደቡ ኦክቶበር 3 ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል። ጥያቄው ውስብስብ ከሆነ እስከ ሁለት ወር ሊጨምር ይችላል፤ ይህንንም በመጀመሪያው ወር ውስጥ ከነምክንያቱ ሊነግርዎ ይገባል። ማስታወቂያውን ማቆም ግን ወር መጠበቅ የለበትም።

ወጥመዱ «ማንነትዎን ለማረጋገጥ የፓስፖርትዎን ቅጂ ይላኩ» የሚለው ኢሜይል ነው። ድርጅቱ ማንነትዎን በእውነት ከተጠራጠረ ማረጋገጫ መጠየቅ ይችላል፤ የመረጃ ቅጂ የመስጠቱም ጊዜ እስኪያረጋግጥ ድረስ ላይጀምር ይችላል። ነገር ግን ማስታወቂያ ለማስቆም ፓስፖርት አያስፈልግም። ለትኬት ሻጩ ፓስፖርት መላክ ቁጥርዎን ብቻ ለያዘ ሰው ተጨማሪ መረጃ ማስረከብ ነው። «የምጽፈው እናንተ ከምትጽፉልኝ ኢሜይል ነው፤ ይህ ካልበቃ ወደ ስልኬ የማረጋገጫ ኮድ ላኩ» ብለው ይመልሱ። ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ወደ ደንበኛዋ እንመለስ። ለሻጩ የጻፈችው ሁለተኛ ደብዳቤ ዝርዝሩ ከገንዘብ መላኪያ ድርጅቱ እኅት ኩባንያ እንደመጣ አወጣላት። ለገንዘብ መላኪያው ድርጅት የጻፈችው ደግሞ «ሲመዘገቡ ውሎቻችንን ተቀብለዋል» የሚል መልስ አመጣ። ይህ መልስ ሳያስበው ብዙ ይናገራል። ማስተላለፉን አልካደም፤ የፈቃድ መዝገብም አላቀረበም። አጠቃላይ ውሎችን መቀበል ለማስታወቂያ ፈቃድ እንደመስጠት አይቆጠርም፤ ፈቃድ ለብቻው ተለይቶ፣ ሰውየው ራሱ በሚያደርገው ግልጽ ድርጊት የሚሰጥ ነው። ባዶ የተተወው ሳጥን ደግሞ የተቃራኒው ማስረጃ ነው።

እንዲህ ያለ መልስ ሲደርስዎ አንድ አጭር ኢሜይል ይመልሱ፦ ያልተመለሰውን ነጥብ ጠቅሰው የመጨረሻ አቋማቸውን ይጠይቁ። ረጅም ክርክር ውስጥ አይግቡ፤ ለተቆጣጣሪው የሚበቃው ይህ ነው። በ2025 የወጣው የመረጃ አጠቃቀም ሕግ ድርጅቶች አቤቱታ ማቅረቢያ መንገድ እንዲያመቻቹና አቤቱታው መድረሱን በ30 ቀናት ውስጥ እንዲያሳውቁ የሚያዝዝ ድንጋጌ አለው። በደብዳቤው መጨረሻ «አቤቱታም ጭምር ነው» የተባለው ለዚህ ነው።

5. መረጃው ወጥቶ ከሆነ

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ራስን መጠበቅ ይቀድማል፣ ደብዳቤው ይከተላል። የዚያን ድርጅት የይለፍ ቃል ሌላ ቦታም ከተጠቀሙበት በሁሉም ይቀይሩ፤ ከኢሜይልዎ ይጀምሩ፤ ሌላው ሁሉ የይለፍ ቃል የሚታደሰው በኢሜይል ነውና። ፓስፖርትና የትውልድ ቀን ወጥቶ ከሆነ ሊያሰጋ የሚገባው በስምዎ የሚወሰድ ብድር ነው። ኤክስፔሪያን፣ ኤኩፋክስና ትራንስዩኒየን የያዙትን የብድር ታሪክዎን በነጻ መጠየቅ ይችላሉ። የማያውቁት ድርጅት ታሪክዎን የፈለገበት መዝገብ ካዩ በቶሎ ይጻፉላቸው። አገር ቤት ያለውን ተቀባይም ያስጠንቅቁ፤ የእሱ ስምና ስልክም አብሮ ወጥቷል፤ እርስዎን መስሎ «ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ኮዱን ንገረኝ» የሚል ሰው ሊደውልለት ይችላል።

ከዚያ በደብዳቤው አራት ጥያቄ ይቅረብ፦ ከእኔ መረጃ የትኛው ወጣ? መቼ? ለተቆጣጣሪው አሳውቃችኋል? ካላሳወቃችሁ ለምን? ድርጅቱ አደጋ ሊያስከትል የሚችል የመረጃ መውጣት መኖሩን ካወቀ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት። ለእርስዎ በቀጥታ የመንገር ግዴታው የሚመጣው ግን አደጋው ከፍተኛ ሲሆን ነው። ስለዚህ ዝምታው ሁልጊዜ ሕግ መጣስ አይደለም። የፓስፖርት ፎቶና የገንዘብ ዝውውር ታሪክ ከወጣ ግን «አደጋው ዝቅተኛ ነው» ብሎ መከራከር ይከብደዋል።

ምንጩን ለማወቅ ለወደፊቱ የሚረዳ አንድ ብልኃት አለ። ጂሜይል ከስምዎ ቀጥሎ የመደመር ምልክትና ማንኛውንም ቃል ቢጨምሩ መልእክቱን ወደዚያው ሳጥንዎ ያደርሰዋል። ለገንዘብ መላኪያው እንዲህ ብለው ይመዝገቡ፦

```
yourname+hawala1@gmail.com
```

በዚህ አድራሻ የትኬት ማስታወቂያ ከመጣ አድራሻውን የሰጡት ለአንድ ድርጅት ብቻ ስለሆነ ማን እንዳወጣው ይታወቃል። አንዳንድ ቅጾች የመደመር ምልክቱን አይቀበሉም፤ አንዳንድ ዝርዝር ሻጮችም ቆርጠው ይጥሉታል። በመሆኑም ምልክቱ መኖሩ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ አለመኖሩ ግን ድርጅቱን ነጻ አያወጣውም።

6. ወደ ተቆጣጣሪው

አቤቱታው በ`ico.org.uk` ላይ ባለው ቅጽ ይሞላል፤ ክፍያ የለውም። ከድርጅቱ ጋር ካደረጉት የመጨረሻ ፍሬ ያለው ግንኙነት ወዲህ ሦስት ወር ሳያልፍ ያቅርቡት። በገጹ ላይ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። አንደኛው ያልተፈለገ መልእክት መጠቆሚያ ነው፤ ጥቆማዎች ተጠራቅመው በብዛት የሚልኩትን ለመለየት ያገለግላሉ፣ ለእርስዎ የግል መልስ ግን አያመጡም። ላኪው የማይታወቅ ከሆነ ይህ በቂ ነው። ሁለተኛው ስለ አንድ ድርጅት የመረጃ አያያዝ የሚቀርበው አቤቱታ ነው፤ ደንበኛዋ የሚያስፈልጋት ይህ ነው።

አባሪዎቹ በቀን ቅደም ተከተል ይሁኑ፦ የመልእክቱ ፎቶ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ፣ መልሱ፣ የመጨረሻው ኢሜይል። በማጠቃለያው ቦታ የደረሰብዎትን ንዴት በሰፊው ከመጻፍ ይልቅ አምስት ስድስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ መረጃውን ለማን ሰጠሁ፣ ሳጥኑን ባዶ ተውኩ፣ ማን ጻፈልኝ፣ ከየት አገኘሁ አለ፣ የፈቃድ መዝገብ ጠይቄ አልተሰጠኝም።

ከተቆጣጣሪው የሚጠበቀውን በልኩ ይወቁ። ድርጅቱ ሕጉን ጥሶ ሊሆን እንደሚችል አስተያየቱን ሊሰጥና አሠራሩን እንዲያስተካክል ሊነግረው ይችላል፤ በከባድ ጉዳዮችም የገንዘብ ቅጣት ይጥላል። ቅጣቱ ለእርስዎ አይደርስም፤ ካሳም አያስከፍልልዎትም። ጉዳዩን መዝግቦ ብቻ የሚያልፍበት ጊዜም አለ።

ካሳ የሚጠየቀው በጂ.ዲ.ፒ.አር አንቀጽ 82 መሠረት ከድርጅቱ ወይም በፍርድ ቤት ነው፤ የደረሰ ጭንቀትም ሊካተት ይችላል። ነገር ግን ጉዳቱን ማስረዳት ግድ ነው። የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 በጎግል ላይ በቀረበ ክስ፣ በቀድሞው የመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ መረጃ ከባለቤቱ ቁጥጥር መውጣቱ ብቻውን ካሳ እንደማያሰጥ ወስኗል። ለጥቂት የማስታወቂያ መልእክቶች ፍርድ ቤት መሄድ አይመከርም። በወጣ ፓስፖርት በስምዎ ብድር ተወስዶ ከሆነ ግን የባንክ ደብዳቤዎችንና ያወጡትን ወጪ ሰብስበው የሕግ ምክር የሚሰጡ ተቋማትን ያነጋግሩ። መረጃ ከወጣ በኋላ «ካሳ እናስገኝልዎታለን» እያሉ ለሚደውሉ ሰዎች በርዎን አይክፈቱላቸው፤ ቁጥርዎን ከዚያው ከወጣው ዝርዝር ያገኙት ሊሆኑ ይችላሉ።

ድርጅቱ የተመዘገበው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ የሚሠራው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲሆን ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ድርጅቱ በሁለቱም አገር ቢሮ ካለው በብሪታኒያ ሲመዘገቡ የተቀበሉት ውል ላይ የተጻፈውን የኩባንያ ስምና የምዝገባ ቁጥር ይመልከቱ፤ ደብዳቤው የሚላከው ለዚያ ነው።